በጣሳው ላይ «60 ደቂቃ» የሚል ቀለም፣ የቱቦላሬ ኮለንና የባሕር ዛፍ ቢም፦ ደረጃው የማን ነው?

የሽምብጥ ሳይት

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ በሚሠራ ባለ አንድ ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ላይ የሳይት መሐንዲስ ነኝ። ምድር ቤቱ ምግብ ቤትና ማድ ቤት ነው፤ ላይኛው ፎቅ ስምንት መኝታ ክፍሎች አሉት። ሶሌታው 12 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ነው። ባለቤቱ የምግብ አዳራሹ ሰፊና ክፍት እንዲሆን ስለፈለጉ በመካከሉ ያሉት አራት ኮለኖች 100 በ100፣ የግድግዳቸው ውፍረት 4 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ ናቸው። ወደ ሐይቁ የሚያየው የላይኛው በረንዳ ደግሞ ያረፈው 200 በ300 በሆኑ የባሕር ዛፍ ቢሞች ላይ ነው።

ዲዛይኑን የመረመሩት ባለሙያዎች ተሸካሚ አካላት ሁሉ የ60 ደቂቃ የእሳት መቋቋም ደረጃ እንዲኖራቸው ጠይቀዋል። ባለቤቱ ይህን ሲሰሙ እንጨት የሚቃጠል ስለሆነ የበረንዳው ቢም በብረት ይተካ፣ ብረቱ ግን የማይቃጠል ስለሆነ ምንም አያስፈልገውም አሉ። እኔ በዚህ እርግጠኛ ስላልሆንኩ አንድ ሻጭ አነጋገርኩ፤ እርሱም በጣሳው ላይ «60 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈበት እሳት ተከላካይ ቀለም አቀረበልኝ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ኮለኖቹን በዚህ ቀለም ሁለት እጅ ብናስቀባ የተጠየቀውን 60 ደቂቃ አገኘን ማለት ይቻላል? እንጨቱንስ በእርግጥ ማውጣት አለብን?

ብረት ሠሪው

ልጄ፣ በዚህ ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ብረት የሚቀልጠው በ1500 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የወጥ ቤት እሳት እዚያ አይደርስም። ገበያ ተቃጥሎ ሲያድር ጠዋት ላይ ከዐመዱ ውስጥ ሳይቀልጥ የሚገኘው ብረቱ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ያሉት ልክ ነው፤ ቱቦላሬው ፀረ ዝገት ከተቀባ ይበቃዋል። እንጨቱ ግን ይውጣ።

ከዓባይ ማዶ

ብረት ሠሪው ስለ መቅለጫው ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ኮለን የሚወድቀው ቀልጦ ሳይሆን ለስልሶ ነው። ይህን ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ምድጃ ውስጥ ገብቶ የቀላ ብረት ገና ከመቅለጫው ብዙ ርቆ ሳለ በመዶሻ እንደተፈለገ ይታጠፋል። ገበያው ሲቃጠል ያደረው ብረትም ሳይቀልጥ ቢገኝም፣ ተጣሞና ተጠምዝዞ እንጂ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንዳልተገኘ እርሳቸው ራሳቸው የሚያስታውሱ ይመስለኛል።

በቁጥር ስናየው የግንባታ ብረት እስከ 400 ዲግሪ ድረስ ጥንካሬውን ይዞ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ፈጣን ነው፤ በ600 ዲግሪ ከግማሽ ያነሰ ይቀረዋል፣ በ800 ዲግሪ አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ። ግትርነቱ ደግሞ ከጥንካሬው ቀድሞ ይወርዳል፤ ይህም እንደ ኮለን ላለ፣ ቀጥ ብሎ ለሚሸከም ቀጭን አካል ዋናው አደጋ ነው።

አሁን የእናንተን ቱቦላሬ ተመልከቱ። 4 ሚሊሜትር ግድግዳ ያለው ብረት አራቱንም ጎኑን ለእሳት ሰጥቶ ሲቆም፣ የሚሞቅበት ገጽ ሰፊ፣ የሚሞቀው ብረት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በመፈተኛ ምድጃ ውስጥ 15 ደቂቃ ሳይሞላው 550 ዲግሪን ያልፋል፤ በ30ኛው ደቂቃ ሙቀቱ ከምድጃው አየር ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል። ያልተሸፈነ ኮለናችሁ እንግዲህ ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ ነው ማለት ነው፤ ፀረ ዝገቱም በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ቀለሙን በተመለከተ፣ «60 ደቂቃ» የሚለው ቁጥር የጣሳው አይደለም። ደረጃ የሚሰጠው ለቁስ ሳይሆን ለተሠራ አካል ነው፦ ይህን ያህል ውፍረት ያለው ብረት፣ ይህን ያህል ጭነት ተሸክሞ፣ በዚህ ቀለም ደርቆ በተለካ ይህን ያህል ውፍረት ተሸፍኖ፣ ይህን ያህል ደቂቃ ቆመ ተብሎ። እንዲህ ያለው ቀለም ሲሞቅ እንደ አረፋ አብጦ ብረቱን የሚሸፍን ነው፤ የሚያብጠው ግን በተቀባው ልክ ነው። ለወፍራም የአይ ቅርጽ ብረት የተፈተነበት ውፍረት ለእናንተ 4 ሚሊሜትር ቱቦላሬ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ሻጩን «ስንት እጅ ይቀባል?» ብለው አይጠይቁት፤ በብረቱ ቅርጽና ውፍረት፣ ብረቱ እንዲደርስ በሚፈቀድለት ሙቀትና በደቂቃ ተከፋፍሎ የደረቅ ቀለም ውፍረት በሚሊሜትር የሚሰጠውን ሰንጠረዥ ይጠይቁት። ሰንጠረዡ ውስጥ የእርስዎ ቱቦላሬ ከሌለ፣ ያ ቀለም ለእርስዎ ቤት ደረጃ የለውም።

የገበያው ነጋዴ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔም ተመሳሳይ ጉዳይ ስላለኝ ነው የምጽፈው። የእኔ ሱቅ ከሁለት ዓመት በፊት ተቃጥሎ ነበር። እሳቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ነድዷል፤ ጣሪያው ወደቀ፣ የአርማታ ኮለኖቹ ግን እስከ ዛሬ ቆመዋል። እንግዲህ የእኔ ኮለኖች የ60 ደቂቃውን ፈተና በተግባር አልፈዋል ማለት ነው? ልስኑን አድሼ ፎቅ ልጨምርበት አስቤ ነበር።

ከዓባይ ማዶ

ወንድሜ፣ ለደረሰብዎት ጉዳት አዝናለሁ። እባክዎ ፎቁን አሁን አይጨምሩ። የእርስዎ ጥያቄ ከሽምብጡ ጥያቄ የተለየ ነው፤ እርሳቸው የጠየቁት ወደፊት ስለሚመጣ እሳት ሲሆን የእርስዎ ካለፈ እሳት በኋላ ስለቀረ አቅም ነው። የሚያገናኛቸው ግን አንድ ነገር አለ፤ የደረጃው 60 ደቂቃና በሰዓትዎ ያዩት 60 ደቂቃ አንድ ዓይነት ደቂቃ አይደሉም።

ፈተናው የሚካሄደው በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 834 መለኪያ መሠረት ሙቀቱ በሚመራ ምድጃ ውስጥ ነው። የሙቀቱ መንገድ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ t ደቂቃ፣ T ዲግሪ ሴልሺየስ ናቸው፦

```
T = 20 + 345 · log10(8t + 1)
```

በዚህ መሠረት በ30 ደቂቃ 842፣ በ60 ደቂቃ 945፣ በ120 ደቂቃ 1049 ዲግሪ ይደርሳል። ልብ ይበሉ፣ ይህ መስመር ይወጣል እንጂ አይወርድም። እውነተኛ እሳት ግን ነዳጁ ሲያልቅ ይበርዳል፤ የፕላስቲክ ዕቃና ጨርቅ በተከማቸበት መጋዘን ከመስመሩ በላይ ፈጥኖ ሊወጣ፣ ጥቂት ወንበር ባለበት አዳራሽ ደግሞ ከመስመሩ በታች ሊቀር ይችላል። በተጨማሪ ምድጃው ውስጥ የሚገባው አንድ ኮለን ወይም አንድ ቢም ለብቻው ነው። ቤት ውስጥ ግን 6 ሜትር የብረት ቢም 600 ዲግሪ ሲደርስ 5 ሳንቲሜትር ገደማ ረዝሞ አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ይገፋል፤ ይህን ፈተናው አያሳይም። ስለዚህ ደረጃው አካላትን እርስ በርስ ማወዳደሪያ ነው፤ ሰዎች ለመውጣት ያላቸው ጊዜም፣ ቤቱ የሚወድቅበት ሰዓትም አይደለም። በጭስ የሚሞቱ ሰዎች ከዚያ በፊት በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው የእሳት መቋቋም ደረጃ ሳይሆን መውጫ ነው።

ወደ ኮለኖችዎ ልመለስ። አርማታ ሙቀትን ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው ቀስ እያለ ነው፤ ስለዚህም ቆመዋል። ነገር ግን የሞቀው የውጭ ሽፋን ሲበርድ ጥንካሬውን መልሶ አያገኝም፤ እንዲያውም ከበረደ በኋላ ጥቂት ይበልጥ ይደክማል። ተራው ፌሮ በአንጻሩ ከ600 ዲግሪ ካላለፈ ሲበርድ አብዛኛውን አቅሙን መልሶ ያገኛል። ባለሙያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው በመዶሻ መምታት ነው፤ ጤነኛ አርማታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተጎዳው ድፍን ይላል። ቀጥሎ ጠርቦ ቀለሙን ያያል። ከ300 ዲግሪ በላይ የሞቀ አርማታ ብዙ ጊዜ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ይህ ግን በጠጠሩና በአሸዋው ላይ የተመሠረተ ነው። በእኛ አካባቢ ጠጠሩ ባዛልት ስለሆነ ለውጡ ደብዛዛ ሊሆን ይችላል፤ ሮዝ ከታየ ማስረጃ ነው፣ አለመታየቱ ግን ማስረጃ አይደለም። እሳቱ በደረሰበት ቦታ የአልሙኒየም ፍሬም ቀልጦ ነበር? አልሙኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ እዚያ ቦታ አየሩ ቢያንስ እዚያ መድረሱን ይነግራል። ከዚህ በኋላ ከኮለኑ ናሙና ተቆርጦ ቤተ ሙከራ መሄድ ይኖርበታል።

የገበያው ነጋዴ

የፊት ለፊቱ የአልሙኒየም በር ቀልጦ ወለሉ ላይ ፈስሶ ነበር። ከኋላ በኩል ያለው መስኮት ግን አልቀለጠም። ፎቁን አቆየዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አናጺ ከዘጌ

እኔ የምናገረው ስለ እንጨቱ ነው፤ ሁሉም ይውጣ ሲለው የሚከራከርለት ስላጣሁ። ምድጃ አጠገብ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ጭራሮ ወዲያው ይነድዳል፣ ወፍራም ግንድ ግን ሲጨስ አድሮ ጠዋት ሲፈለጥ ውስጡ ያልተነካ እንጨት ነው። ከሰሉ ራሱ ልብስ ይሆነዋል። 200 በ300 ቢም ጭራሮ አይደለም። የዓባይ ማዶው መሐንዲስ ይህን በቁጥር ቢያስረዱልኝ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ባለቤቶች በቃል ብቻ አያምኑኝም።

ከዓባይ ማዶ

አናጺው ያሉት በስሌትም የሚቆም ነው። ክብደት ያለው እንደ ባሕር ዛፍ ያለ ጠንካራ እንጨት በመፈተኛው እሳት በደቂቃ ወደ 0.55 ሚሊሜትር ይከስላል፤ በ60 ደቂቃ 33 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከከሰሉ ሥር ያለው እንጨት ሞቆ ስለደከመ 7 ሚሊሜትር ተጨማሪ እንቀንሳለን፤ በድምሩ 40 ሚሊሜትር። ቢሙ ከላይ በወለሉ የተሸፈነ ስለሆነ እሳት የሚያገኘው በሁለቱ ጎኖቹና ከሥሩ ነው። ስለዚህ ከ200 በ300 የሚቀረው 120 በ260 ነው።

የመታጠፍ አቅም የሚወሰነው ስፋቱን በቁመቱ ካሬ በማባዛት ነው፤ በዚህ ስሌት የቀረው እንጨት ከመጀመሪያው 45 በመቶ ይሆናል። ይህ አነስተኛ ይመስላል። ነገር ግን በተለመደው ጊዜ ዲዛይን ስናደርግ ለዘመናት እንዲያገለግል የእንጨቱን ጥንካሬ በብዙ ቅነሳ ነው የምንጠቀምበት፤ ለአንድ ሰዓት አደጋ ግን ኮዱ ያን ቅነሳ ያነሣልናል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም እጥፍ ያህል ነው። በዚህ ምክንያት ከሰዓቱ በኋላ የሚቀረው አቅም የቀድሞው ዲዛይን አቅም 90 በመቶ ገደማ ነው። በእሳት ጊዜ በረንዳው ሙሉ ጭነት ተሸክሞ የመገኘቱ ዕድል ዝቅተኛ ስለሆነ የሚጠበቅበት 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያልተቀባው የባሕር ዛፍ ቢማችሁ እንግዲህ ለ60 ደቂቃ ይበቃል። ለ90 ደቂቃ ብንሞክረው ግን የሚቀረው 87 በ243 ስለሚሆን አቅሙ 58 በመቶ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ወሰኑ ነው፣ አላሳልፈውም።

ይህ ለወፍራም እንጨት ብቻ ነው። የ14 ሳንቲሜትር ክብ ባሕር ዛፍ ዙሪያውን 4 ሳንቲሜትር ቢከስል የሚቀረው 6 ሳንቲሜትር ነው፤ የመታጠፍ አቅሙም ከዐሥር እጅ አንዱን አይሞላም። ባለቤቱን በቢሙ አሳምናችሁ ነገ በአጠናና በቋሚ ላይ ያንኑ ቁጥር እንዳትጠቀሙ አደራ።

አናጺ ከዘጌ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ከሆነ እሳት እዚያ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል፣ የመሐንዲሱ 33 ሚሊሜትርም አይሠራም። ሁለተኛ፣ ቢሙ ከግድግዳው ጋር የተያያዘው በምንድን ነው? ከውጭ በሚታይ ላሜራና ብሎን ከሆነ ቢሙ ሳይከስል መያዣው ይለቅቃል።

ከዓባይ ማዶ

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለተኛውን እኔ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። በተለመደው አሠራር የተጋለጠ የብሎን መያዣ የሚታሰበው ለ15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ብረቱ ሙቀቱን ወደ እንጨቱ ልብ ይዞት ይገባል። ላሜራውን ቢሙ መካከል ቀብሮ የብሎኖቹን ራስ በእንጨት መድፈን ያስፈልጋል፤ የሚደፍነውም እንጨት በዚያው የ40 ሚሊሜትር ስሌት ይለካ።

ኮንስትራክሽን 4ኛ ዓመት

እንደምን ዋላችሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አርማታ እርጥበት ካለው በእሳት ጊዜ እንደ ፈንጂ ይፈነዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሳይቱ ሐይቅ ዳር ስለሆነ እርጥበቱ ሶሌታውን አደገኛ አያደርገውም? ሁለተኛ፣ ከሶሌታው ሥር 2 ሳንቲሜትር የሲሚንቶ ልስን አለ፤ ይህ ከፌሮው ሽፋን ጋር ተደምሮ ይቆጠራል?

ከዓባይ ማዶ

መፈንዳቱ እውነት ነው፤ በአርማታው ቀዳዳዎች ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ መውጫ ሲያጣ ገጹን ገፍቶ ይጥለዋል። ነገር ግን ወሳኙ ከቤቱ ውጭ ያለው አየር ሳይሆን አርማታው ውስጥ የቀረው ውኃ ነው። በቤት ውስጥ የደረቀ፣ እርጥበቱ ከክብደቱ 3 በመቶ በታች የሆነ ተራ አርማታ ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው ገና ያልደረቀ አዲስ አርማታና በጣም ጥቅጥቅ ያለ ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው አርማታ ነው።

ለዚህ ሳይት ከፍንዳታው ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ፌሮው የተቀመጠበት ቦታ ነው። በእኛም ሀገር ሥራ ላይ ባለው የአርማታ እሳት መቋቋም ኮድ በኢኤስ ኢኤን 1992-1-2 መሠረት ለ60 ደቂቃ ሶሌታው ቢያንስ 8 ሳንቲሜትር ውፍረት፣ የፌሮውም መካከል ከሥረኛው ገጽ ቢያንስ 20 ሚሊሜትር ርቀት ሊኖረው ይገባል። 12 ሳንቲሜትሩ ከበቂ በላይ ነው። 15 ሚሊሜትር ኮቨርና 10 ቁጥር ፌሮ ካላችሁ መካከሉ ልክ 20 ላይ ይውላል፤ ምንም ትርፍ የለውም። ሲሞላ ሠራተኛ ፌሮውን ረግጦት፣ ስፔሰሩም ተንሸራቶ ፌሮው ወደ ፎርምወርኩ ከወረደና መካከሉ 10 ሚሊሜትር ላይ ከቀረ፣ ያ ሶሌታ የ30 ደቂቃ ሶሌታ ነው፤ ወረቀቱ 60 ቢልም። ፎርምወርኩ ሲነሣ ከሥር የፌሮው መስመር ጥላ ሆኖ ከታየ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ልስኑን እኔ አልቆጥረውም። በእሳት ጊዜ ከአርማታው ተላቅቆ በገበታ በገበታ ይወድቃልና።

ስታፋ

በዚህ አልስማማም። ልስኑ ከሽቦ መረብ ጋር በአርማታው ላይ ከታሰረ አይወድቅም፤ እኛ በአንድ እድሳት ላይ እንዲህ አድርገን የጎደለውን ኮቨር አካክሰናል፣ የሥራው ተቆጣጣሪም ተቀብሎታል። ባዶ ልስን አይቆጠር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ልስን ፈጽሞ አይቆጠር ማለት ግን ባለቤቶችን ለማያስፈልግ ወጪ መዳረግ ነው።

ከዓባይ ማዶ

ተቆጣጣሪው መቀበሉ ተፈትኗል ማለት አይደለም። መረቡ በምን ያህል ርቀት ታሰረ፣ ማሠሪያው ራሱ ሲሞቅ ምን ሆነ የሚለው በምድጃ ካልታየ የእኔን ፊርማ አላኖርበትም። መርሑ ግን ሊሆን እንደሚችል አልክድም።

ብረት ሠሪው

መሐንዲሱን ሰምቻለሁ፤ ስለ ቀላው ብረት ያሉት እውነት ነው። ታዲያ ቱቦላሬውን ውስጡን በአርማታ ብንሞላውስ? እንዲህ አድርገን ሠርተን እናውቃለን።

ከዓባይ ማዶ

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ውስጡ ያለው አርማታ ብረቱ ሲለሰልስ ጭነቱን ይረከባል። 100 በ100 ግን ለዚህ ጠባብ ነው፤ ፌሮ አስገብቶ በቂ ሽፋን ለመስጠት ቦታ የለውም። በሌላ ሥራ ሲሞሉ ደግሞ በየፎቁ ከላይና ከታች ቢያንስ 20 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ መተውን አይርሱ። በሁሉም በኩል ተበይዶ የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለው ውኃ እንፋሎት ሲሆን ቱቦውን ሊቀድደው ይችላል።

ለሽምብጡ ሳይት እኔ የምመርጠው ከውጭ መሸፈንን ነው። ኮለኑን በቀጭን የብረት መረብ ከብቦ በዙሪያው 5 ሳንቲሜትር አርማታ መሙላት፤ 200 በ200 ይሆናል፣ ለ60 ደቂቃም በቂ ነው። ሽፋኑ ከወለሉ እስከ ሶሌታው ሥር ሳይቋረጥ ይድረስ። ኮርኒሱ ላይ ካቆሙት፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለችው 30 ሳንቲሜትር ያልተሸፈነች ብረት የኮለኑን ደረጃ ወደ ሩብ ሰዓት ትመልሰዋለች።

የሽምብጥ ሳይት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሻጩን ሰንጠረዡን ስጠይቀው ያቀረበው ለአይ ቅርጽ ብረት ብቻ የተዘጋጀውን ነበር፤ ስለዚህ ቀለሙን ትተነዋል። ባለቤቱ ኮለኖቹ 200 በ200 መሆናቸውን መጀመሪያ አልወደዱትም፤ የከሰለውን ቢም ስሌት ከኮለኑ ሩብ ሰዓት ጎን ለጎን ሳሳያቸው ግን በረንዳው በእንጨት እንዲቀር፣ ኮለኖቹ በአርማታ እንዲሸፈኑ ተስማምተዋል። የበረንዳው መያዣ በውጭ ላሜራና ብሎን የተሠራ ስለሆነ ይፈታል።

ሶሌታውን ትናንት በኮቨር መለኪያ አየነው። አብዛኛው ቦታ ከ20 እስከ 24 ሚሊሜትር ላይ ነው፤ ከማድ ቤቱ በላይ ባለው አንድ ክፍል ግን ሦስት ቦታ ላይ የፌሮው መካከል 11 እና 12 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። እሳት የሚነሣበት ዕድል ያለው እዚያው ስለሆነ በልስን ላልፈው አልፈለግሁም፤ ከሥሩ የተፈተነ እሳት ተከላካይ ሰሌዳ እንዲታሰር ሐሳብ አቅርቤ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ስታፋ፣ የሠራችሁትን የመረብ አስተሳሰር ዝርዝር፣ በተለይም ማሠሪያው በስንት ሳንቲሜትር ርቀት እንደተመታ ብትጽፉልኝ ለመርማሪዎቹ አብሬ አቀርበዋለሁ።

ስታፋ

በ30 ሳንቲሜትር ርቀት፣ በአራት ማዕዘን አቀማመጥ፣ በብረት አንከር ነው የታሰረው። ሥዕሉን ፈልጌ ነገ እለጥፈዋለሁ።